«ኪንታሮት ነው» ተብሎ የሚታለፍ ደም

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ አባቴ 58 ዓመታቸው ነው። መንዝ ይኖራሉ፣ ገበሬ ናቸው። ኪንታሮት ከድሮም አለባቸው፣ አልፎ አልፎ ደም ያያሉ። ከጥምቀት ወዲህ ግን ሆዳቸው ይደርቃል፤ ሽንት ቤት ቆይተው ከወጡ በኋላም ‹አልወጣልኝም› ይላሉ። ባለፈው ዓመት ለደም ግፊት ሲታዩ 61 ኪሎ ነበሩ፣ አሁን 55 ናቸው። እሳቸው ‹ጾሙ ነው ያከሳኝ› ይላሉ። ሄሞግሎቢናቸው 11 ነው ተብሎ የብረት ክኒን ከጀመሩ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። አሁን አምስት ቀን ሆነው፣ ሰገራቸው ጥቁር ሆኗል። ለጉልበታቸው ዲክሎፌናክ ይወስዳሉ። እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ። ይምጡ ስላቸው የበልጉ ገብስ ይነሳ ይሉኛል። እስከዚያ መቆየት ይችላሉ?»

መልስ፦ እህቴ፣ አይችሉም። ገብሱን ሌላ ሰው ያንሳው። ጥቁሩ ሰገራ ዛሬ፣ ቢዘገይ ነገ ጠዋት መታየት አለበት። ድርቀቱና ክብደቱ ደግሞ የሰገራው ቀለም ነገ ቢስተካከል እንኳ ለብቻው ምርመራ ይፈልጋል። ሁለቱን ነገሮች ለያይቼ ላስረዳሽ፤ ምክንያቱም አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይረሳል። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚያ ላይ ነው።

ከጥቁሩ ልጀምር። ከፊንጢጣ አካባቢ የሚመጣ ደም ቀይ ነው። ወረቀት ላይ ይታያል፣ ወይም ሰገራው ከወጣ በኋላ ጠብ ጠብ ይላል። ደሙ ከላይ፣ ከጨጓራ ወይም ከጨጓራ ቀጥሎ ካለው ትንሹ አንጀት ከመጣ ግን በመንገዱ ላይ ይፈጫል፣ ይጠቁራል። ስለዚህ ጥቁር ሰገራ ኪንታሮት አይደለም። ኪንታሮት ያለበት ሰውም ቢሆን ጥቁሩ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ከትልቁ አንጀት የቀኝ ክፍል ቀስ እያለ የሚፈስ ደምም አንዳንዴ እንዲህ ሊጠቁር ይችላል።

«የብረት ክኒኑ ነው ያጠቆረው» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ የብረት ክኒን ሰገራን ያጠቁራል። ግን ሁለት ነገር ተመልከቺ። አንደኛው ጊዜው ነው። ክኒኑ የሚያጠቁር ከሆነ በተጀመረ በጥቂት ቀን ውስጥ ያጠቁራል። አባትሽ ክኒኑን ከጀመሩ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል፣ ጥቁሩ ግን ገና አምስት ቀኑ ነው። ክኒኑን በየቀኑ ሲወስዱ ከቆዩ ይህ አይገጥምም። እስቲ ጠይቂያቸው፤ ምናልባት አቋርጠው ሰሞኑን እንደገና ጀምረውት ይሆናል። ሁለተኛው መልኩ ነው። የብረት ክኒን የሚያወጣው ሰገራ ጥቁር ወይም ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ቅርጹን ይይዛል፣ ሽታውም ከወትሮው ብዙ አይለይም። የደም ሰገራ ግን እንደ ሬንጅ ያብረቀርቃል፣ ይጣበቃል፣ በውኃ ቶሎ አይለቅም። ሽታው ደግሞ ለየት ያለና ከባድ ነው። አንድ ጊዜ ያሸተተው ሰው አይረሳውም። ውኃ ሲነካው ዳር ዳሩ ላይ ቀይ ቡናማ ነገር ሊታይ ይችላል።

እንዲህ ያልኩሽ ቤት ውስጥ እንድትወስኚ አይደለም። በስልክ ስትጠይቂያቸው ምን ብለሽ እንደምትጠይቂ እንድታውቂ ነው። «ጥቁር ነው ወይ?» ካልሻቸው «አዎ» ብለው ይዘጉታል። «ይጣበቃል? ይሸታል? ቀጭን ነው ወይስ ቅርጽ አለው?» በያቸው። መልሱ የሚያረጋጋ ቢመስልም ግን መሄዳቸው አይቀርም። ክኒኑን አቁመን እስኪነጣ እንጠብቅ ማለትም አያዋጣም። እየደማ ያለ ቁስል ቀጠሮ አይጠብቅም።

እዚህ ላይ ዲክሎፌናኩ ያሳስበኛል። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን የሚባሉት ማስታገሻዎች ጨጓራን ያቆስላሉ። በዕድሜ ገፋ ባለ ሰው ላይ ቁስሉ ብዙ ጊዜ ሕመም አይሰጥም፤ የመጀመሪያው ምልክት ጥቁር ሰገራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ጨጓራዬን አያመኝም» ማለት ዋስትና አይሆንም። «እኔ የምወጋው መርፌውን ነው፣ ጨጓራ አይነካም» የሚለውም ትክክል አይደለም። መድኃኒቱ በደም በኩል ነው ጨጓራውን የሚጎዳው፤ በአፍም ገባ በመርፌ ያው ነው። አባትሽ ዲክሎፌናኩን ዛሬውኑ ያቁሙ። ለጉልበታቸው ፓራሲታሞል ይበቃቸዋል። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፦ ለልብ ወይም ለስትሮክ በሐኪም የታዘዘ አስፕሪን ካለ ሐኪሙን ሳያማክሩ በራሳቸው እንዳያቋርጡ፤ ሆስፒታል እንደደረሱ ግን መጀመሪያ የሚናገሩት ነገር ይሁን።

አሁን ወደ ድርቀቱ። ጥቁሩ ሰገራ ባይኖር ኖሮም ለአባትሽ የምሰጠው መልስ «ይታዩ» ነበር፤ ፍጥነቱ ብቻ ነው የሚለየው። ሆድ ድርቀት ራሱ ብርቅ አይደለም። ውኃ የማይጠጣ፣ አትክልት የማይቀምስ፣ የብረት ክኒን ወይም ትራማዶል የሚወስድ ሰው ይደርቃል። አባትሽም የብረት ክኒኑ ያባብስባቸዋል። ነገር ግን ድርቀቱ የመጣው ከጥምቀት ጀምሮ ነው፤ ክኒኑ ደግሞ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። ክኒኑ ያመጣው አይደለም ማለት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ መድረቁ ሳይሆን መለወጡ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በሦስት ቀን አንዴ የሚወጣ ሰው አለ፤ ጤነኛ ነው። 58 ዓመት ሙሉ ጠዋት ተነስቶ ያለ ችግር ሲወጣ የኖረ ሰው ግን ድንገት ለወራት ማማጥ ሲጀምር፣ አንጀቱ ውስጥ መንገድ የሚያጠብ ነገር ይኖር ይሆን ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። «ወጥቼም አልወጣልኝም» የሚለው አባባል ደግሞ ከሁሉ በላይ ጆሮዬን ያቆመዋል። ከፊንጢጣ በላይ ባለው የአንጀት መጨረሻ ላይ እጢ ሲኖር አንጀቱ እጢውን ሰገራ ነው ብሎ ያስበዋል። ሰውዬው ደጋግሞ ይቀመጣል፤ የሚወጣው ግን ትንሽ ነው፣ አንዳንዴም ንፍጥና ደም ብቻ ነው።

ክብደቱን እናስላ። ከ61 ኪሎ ወደ 55፣ ስድስት ኪሎ ነው። ከሰውነታቸው አንድ አሥረኛው ሄዷል ማለት ነው። ሰው ሳይፈልገው በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ከክብደቱ አምስት በመቶ ከቀነሰ እኛ ምክንያቱን እንፈልጋለን፤ የእሳቸው የዚያ እጥፍ ነው። ጾሙን አልንቀውም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን በሽሮና በቆሎ እያረሱ መክሳት አዲስ ነገር አይደለም። ግን ጾም ያከሳው ሰው ከፋሲካ በኋላ ይመለሳል፤ ወተቱም ሥጋውም ሲገባ በጥቂት ሳምንት ልብሱ ይሞላል። እሳቸው ከፋሲካ በኋላም እየቀነሱ ከሆነ ጾሙን ጥፋተኛ ማድረግ አንችልም። ምግብ እንደ ድሮው ይበላሉ ወይስ ቶሎ ይጠግባሉ? ይህንንም ጠይቂልኝ፤ ሐኪሙ ይጠይቃቸዋል።

የደም ማነሱ ነገር በእኛ አካባቢ በተለየ ዓይን መታየት አለበት። ብዙ ሰው፣ አንዳንዴም ባለሙያው ራሱ፣ ይዘልለዋል። ሄሞግሎቢን ለአዋቂ ወንድ ከ13 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው የምንለው በባሕር ወለል አካባቢ ላለ ሰው ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ብዙ ቀይ ደም ያመርታል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የመንዝ ደጋ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ ለሚኖር ወንድ መነሻው 2 ግራም ገደማ ከፍ ይላል። ስለዚህ የአባትሽ 11 ወረቀቱ ላይ «ትንሽ ዝቅ ያለ» ቢመስልም፣ ከሚጠበቅባቸው ወደ 4 ግራም ጎድሏል። ይህ ትንሽ አይደለም።

ከዚያ በላይ ደግሞ ጥያቄው ብረቱ የት ሄደ የሚለው ነው። ወር የምታይ ሴት በወር አበባ፣ ነፍሰ ጡር በእርግዝና ብረት ልታጣ ትችላለች። ዕድሜው የገፋ ወንድ ግን ብረት ካጣ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በማይታይ መንገድ ከሆዱ ደም እየፈሰሰ መሆኑ ነው። መንጠቆ ትልም ያለበት ቆላ ላይ የሚኖር ሰው በትሉ ምክንያት ደም ሊያጣ ይችላል። በብርዱ የመንዝ ደጋ ግን ትሉን ተጠያቂ ከማድረግ በፊት ሌላውን መፈለግ ይሻላል። የብረት ክኒን ማዘዙ ስሕተት አልነበረም። ክኒን ሰጥቶ ምክንያቱን ሳይፈልጉ መሸኘት ግን ግማሽ ሥራ ነው። ክኒኑ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፣ ሁሉም ይረካል፣ የሚደማው ግን መድማቱን ይቀጥላል።

እንግዲህ ሲታዩ ምን ይደረግ? ሳይደረግላቸው እንዳይመለሱ የምፈልገው አንዱ ነገር በጣት የሚደረግ የፊንጢጣ ምርመራ ነው። ብዙ ሽማግሌ ከዚህ የተነሳ ነው ሐኪም ቤት የማይሄደው፤ ስለዚህ እንዴት እንደሚሆን ልንገርሽ፣ ቀድመው ይወቁት። በግራ ጎናቸው ይተኛሉ፣ ጉልበታቸውን ወደ ሆዳቸው ያጥፋሉ፣ አንሶላ ይለብሳሉ። ሐኪሙ ጓንት አድርጎ፣ ጣቱን በሚያለሰልስ ቅባት ቀብቶ ቀስ ብሎ ይዳስሳል። ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ደስ አይልም፤ የተሰነጠቀ ቁስል ከሌለ ግን አያምም። ወንድ ሐኪም ይሁንልኝ ማለት መብታቸው ነው።

በዚያች አጭር ጊዜ ሁለት ነገር ይታወቃል። ጣት የሚደርሰው ሰባት ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በአንጀቱ መጨረሻ ላይ ከሚበቅሉ እጢዎች ብዙዎቹ እዚያ ውስጥ ይገኛሉ። ጤነኛው ግድግዳ ለስላሳ ነው፤ እጢ ግን ደረቅ፣ ሻካራ፣ ጠርዙ ከፍ ያለ ሆኖ ይዳሰሳል። ኪንታሮት ደግሞ ለስላሳ ስለሆነ በጣት አብዛኛውን ጊዜ አይለይም። «ኪንታሮት ነው» ለማለት በትንሽ መሣሪያ ወደ ውስጥ መመልከት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ጣቱ ሲወጣ ጓንቱ ላይ የሚታየው ነው። ቡናማ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ጥቁር ወይስ የሚያብረቀርቅ ሬንጅ? በስልክ ስንከራከርበት የነበረው ነገር እዚያ ጓንት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይለያል።

ይህ ምርመራ ሲዘለል ምን እንደሚሆን በተደጋጋሚ አያለሁ። ሰውዬው «ቶሎ ቶሎ ያስቀምጠኛል፣ ንፍጥና ደም ነው የሚወጣኝ» ብሎ ይመጣል። ሰገራ ይመረመራል፣ አሜባ ነው ይባላል፣ ሜትሮኒዳዞል ይታዘዛል። ለጥቂት ቀን የተሻለው ይመስለዋል። ተመልሶ ይመጣል፣ ያው መድኃኒት ይሰጠዋል። በሦስተኛው ዙር ክብደቱ ቀንሶ፣ ፊቱ ገርጥቶ ይመጣል። ጣት ሲገባ እጢው ገና ከበሩ ላይ ነው የሚገኘው። አሜባ በአገራችን አለ፣ አልክድም። ግን መድኃኒቱ ተወስዶ ካለቀ በኋላ ደሙና ንፍጡ ከተመለሰ፣ ሁለተኛ ዙር ከመታዘዙ በፊት ጣት መግባት አለበት።

አልትራሳውንድም ሌላው ማታለያ ነው። «ሆዴን ታይቼ ንጹሕ ነው ተባልኩ» የሚሉ ሕሙማን ብዙ ናቸው። አልትራሳውንድ ጉበትን፣ ሐሞትን፣ ኩላሊትን በደንብ ያሳያል። አንጀት ግን አየር ስላለበት ውስጡን አያሳይም። አልትራሳውንድ ንጹሕ ነው ማለት አንጀቱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በዓይን የሚታይ ደም ላለበት ሰው የድብቅ ደም ምርመራም ምንም አይጨምርም፤ «የለም» ቢል እንኳ ምርመራውን አያስቀርም።

ለአባትሽ መጨረሻ ላይ የሚያስፈልጋቸው ካሜራ ነው። ለጥቁሩ ሰገራ በአፍ የሚገባው ኢንዶስኮፒ፣ ለድርቀቱና ለቀዩ ደም በፊንጢጣ የሚገባው ኮሎኖስኮፒ። ኢንዶስኮፒው የጨጓራ ቁስል ቢያገኝ ሁሉም ሰው እፎይ ይልና «በቃ፣ ተገኘ» ይላል። መጀመሪያ ላይ አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይረሳል ያልኩሽ ይህ ነው። የጨጓራ ቁስል ከጥምቀት ጀምሮ አንጀትን አያደርቅም፤ «አልወጣልኝም»ም አያሰኝም። ቁስሉ ቢገኝም ኮሎኖስኮፒው ይሠራላቸው። ቀጠሮ ሲያዝ የብረት ክኒኑን ከሳምንት በፊት ማቆም እንዳለባቸው ጠይቂ፤ ክኒኑ አንጀቱን ስለሚያጠቁረው ካሜራው ላይ ያስቸግራል። ማጽጃ መድኃኒቱንም እንደታዘዘው ሙሉውን መጠጣት አለባቸው። ግማሹን ጠጥተው ከሄዱ ምርመራው ባዶ ድካም ይሆናል።

እስከዚያ ድረስ የማይደረጉ ነገሮች አሉ። የባህል የኪንታሮት መድኃኒት አይቀቡ። አንዳንዱ የሚያቃጥል ነገር ነው፤ ፊንጢጣውን አቁስሎ ሲድን ያጠበዋል፣ ድርቀቱም ይብሳል፣ ምርመራውንም ያከብደዋል። ለድርቀቱ ተልባና ውኃ ማብዛት አይጎዳም፤ ሆዳቸው ተነፍቶ ከሆነ ወይም ካስመለሳቸው ግን ተልባም፣ ጉሎም፣ ሰናመኪም አይስጧቸው።

ሆድ መነፋቱን ያነሣሁት በምክንያት ነው። በደጋው አገራችን የትልቁ አንጀት መጠማዘዝ በተለይ ወንዶች ላይ የተለመደ ነው፤ እጢም አንጀትን ጨርሶ ሊዘጋ ይችላል። ሆድ እንደ ከበሮ ከተነፋ፣ ፈስ እንኳ አልወጣ ካለ፣ ቁርጠት መጥቶ የሚሄድ ከሆነ፣ ካስመለሳቸው፣ ይህ የድርቀት ጉዳይ መሆኑ አብቅቷል። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው። ደሙም ቢሆን እንደዚሁ። ሲነሱ ዓይናቸውን ካዞራቸው፣ ብርድ ላብ ካጠመቃቸው፣ ተኝተው እያሉ ልባቸው በደቂቃ ከመቶ በላይ ከመታ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካስመለሳቸው ሌሊትም ቢሆን አያድሩ።

ይህን የሚያነብ ወጣት ሁሉ እንዲደነግጥ አልፈልግም። ደረቅ ሰገራ ሲወጣ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ሕመም ተሰምቶት፣ ወረቀት ላይ ትንሽ ደማቅ ቀይ ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተሰነጠቀ ቁስል ነው ያለበት። ሰገራውን ካለሰለሰ በጥቂት ሳምንት ይድናል። በአንድ ወር ካልዳነ፣ ወይም ክብደት መቀነስ፣ ደም ማነስ፣ የሰገራ ልማድ መለወጥ አብሮት ካለ ግን ዕድሜው 30 ቢሆንም ይታይ። ወላጁ ወይም ወንድሙ እህቱ በአንጀት ካንሰር የታመመበት ሰው ደግሞ ለትንሹም ደም ቶሎ ይሂድ። ቀይ ሥር በልቶ ሰገራው የቀላበት ሰው ግን ነገ ያያል፣ ይለቃል።

ለአባትሽ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለመንዝ የሚቀርባቸው የመሐል ሜዳ ሆስፒታል ነው፤ መጀመሪያ እዚያ ይሂዱ። ደብረ ብርሃን ድረስ ሳይታዩ መጓዝ፣ ደሙ እየፈሰሰ ከሆነ፣ መንገድ ላይ ያደክማቸዋል። እዚያ የደም ግፊታቸውና የልብ ምታቸው ተኝተውም ቆመውም ይለካ፣ ሄሞግሎቢናቸው እንደገና ይታይ፣ የጣት ምርመራው ይደረግ። ከዚያ ሪፈር ተጽፎላቸው ይምጡ። የጤና መድን አባል ከሆኑ መታወቂያውንና የሪፈር ወረቀቱን ይያዙ፤ ያለዚያ ወጪው በእናንተ ላይ ይወድቃል። ዲክሎፌናኩን ጨምሮ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ ያምጡ፤ የባለፈው ዓመት 61 ኪሎ የተጻፈበትን ካርድም። ጥቁሩን ሰገራ በስልክ ፎቶ ቢያነሱት አያፍሩ፤ ለሐኪሙ ከብዙ ቃል ይበልጥበታል።

እዚያ ሲደርሱ የሚናገሩትም ቀድሞ ይዘጋጅ። «ኪንታሮት አለብኝ» ብለው እንዳይጀምሩ ንገሪያቸው፤ ያ ቃል ምርመራውን ያሳጥረዋል። «ከጥምቀት ጀምሮ ሆዴ ተለወጠ፣ ስድስት ኪሎ ቀነስኩ፣ አምስት ቀን ጥቁር ወጣኝ» ይበሉ። ከአንጀታቸው ናሙና ከተወሰደ ደግሞ አንቺ ራስሽ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ናሙናው የት ተላከ፣ ውጤቱስ መቼ ነው የሚደርሰው? ቀኑን ጽፈሽ ያዢ። በቀኑ ካልደወሉልሽ አንቺ ሂጂ።